ፍጻሜ ያልነበረው ዋንጫ፦ አዲስ አበባ፣ መጋቢት 1968 (የፖድካስቱ ጽሑፍ)

ከአሽዶድ፣ ከሮቫ ቴት ቫቭ ነው የምናገረው። የዛሬው ክፍል ስለ ታሪክ ነው፤ ግን የነገሥታት ታሪክ አይደለም፤ የጦርነትም አይደለም። የአንድ ሰንጠረዥ ታሪክ ነው። አዎ፣ ጣብላ የምትሉት፣ ስልካችሁ ላይ ቅዳሜ ማታ ከፍታችሁ የምታዩት ያ የደረጃ ሰንጠረዥ። ተጫወተ፣ አሸነፈ፣ አቻ፣ ተሸነፈ፣ ግብ፣ ነጥብ። ኔኩዶት፣ ሄፍረሽ ሸዓሪም።

አንድ ጥያቄ ላቅርብ። የአፍሪካ ዋንጫ ያለ ፍጻሜ ጨዋታ ተካሂዶ ያውቃል? ብዙ ሰው አይሆንም ይላል። ዋንጫ ያለ ግማር እንዴት ይሆናል? ግን ሆኗል፤ ያውም በኢትዮጵያ ምድር፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር 1968፣ በፈረንጅ 1976 ነው። ንጉሡ ከወረዱ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም፤ አገሪቱን የሚገዛው ደርግ ነው። የብዙዎቻችሁ አያቶች ያኔ በጎንደርና በትግራይ ገጠር ናቸው፣ ኢየሩሳሌም ገና በጸሎት ነው ያለችው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ የሚባለው፣ ፕሬዚዳንቱ ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተው ያደጉ፣ በኋላም የአህጉሩን ኳስ ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የመሩ ሰው ናቸው። ዓመቶቹን ከዚህ በኋላ በፈረንጅ እጠራለሁ፣ እናንተም የለመዳችሁት እሱን ስለሆነ።

ስምንት ቡድኖች መጡ። በሁለት ምድብ ተከፈሉ። አንዱ ምድብ አዲስ አበባ ላይ፦ ኢትዮጵያ፣ ጊኒ፣ ግብጽና ኡጋንዳ። ሌላው ድሬዳዋ ላይ፦ ናይጄሪያ፣ ዛየር፣ ሞሮኮና ሱዳን። ዛየር የዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ ናት፤ ወደ ድሬዳዋ የመጣችው የዋንጫው ባለቤት ሆና ነው። እስከዚህ ድረስ የምታውቁት ነገር ነው። ልዩ የሆነው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከየምድቡ ሁለት ሁለት ቡድን ያልፋል፤ አራቱ ግን ግማሽ ፍጻሜ አይጫወቱም። እንደገና አንድ ምድብ ይሆናሉ። ሁሉም ከሁሉም ይጫወታል፣ ሰንጠረዡ ላይ አንደኛ የወጣው ዋንጫውን ይወስዳል። በቃ። ፍጻሜ የሚባል ጨዋታ መርሃ ግብሩ ላይ አልተጻፈም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ መርሃ ግብር እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ድራማ ሁሉ ከዚያ የተወለደ ነው።

አራት ቡድን አለ እንበል፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። እያንዳንዱ ከሌሎቹ ሦስት ጋር አንድ አንድ ጊዜ መጫወት አለበት። አራት ጊዜ ሦስት አሥራ ሁለት፣ ግን አንድ ጨዋታ ሁለት ቡድን ስለሚያገናኝ ለሁለት እናካፍላለን፤ ስድስት ጨዋታ። በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ስለሚኖር ሦስት ዙር ይበቃል። አሁን ወረቀት ላይ ከላይ ሀ እና ለ ጎን ለጎን ጻፉ። ከሀ ሥር መ፣ ከለ ሥር ሐ። ላይና ታች ያሉት ይጋጠማሉ፦ ሀ ከመ፣ ለ ከሐ። አንደኛው ዙር ይኸው ነው። ለሁለተኛው ሀ ቦታውን አይለቅም፤ የቀሩት ሦስቱ ልክ እንደ ሰዓት ቆጣሪ አንድ አንድ ቦታ ይዞራሉ። መ ወደ ላይ ይወጣል፣ ለ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሐ ከሀ ሥር ይመጣል። ስለዚህ ሀ ከሐ፣ መ ከለ። አንድ ጊዜ ደግሞ ስታዞሩ ሀ ከለ፣ ሐ ከመ ይሆናል። አለቀ። ማንም ሁለት ጊዜ አልተገናኘም፣ ማንም አልተረሳም። ዘዴው ለስድስትም ለአሥራ አራትም ያው ነው፤ ሊጋት ሃአል ላይ ያሉት ክለቦች አሥራ አራት ሲሆኑ እያንዳንዱ አሥራ ሦስት ተጋጣሚ አለው፣ ደርሶ መልስ ሲሆን 26 ዙር ይመጣል። ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም።

ታዲያ ሀን ሞሮኮ፣ ለን ጊኒ፣ ሐን ናይጄሪያ፣ መን ግብጽ ብላችሁ ተኩ። የ1976ቱ የመጨረሻ ምድብ ቅደም ተከተል ቁልጭ ብሎ ይወጣላችኋል። ሞሮኮና ጊኒ የሚገናኙት በመጨረሻው ዙር ነው። ይህን ያዙልኝ።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ኢትዮጵያ የት ገባች? ይህን ሳልናገር ባልፍ ቤት ያሉት አባቶች አይምሩኝም።

በዚያ ዘመን ያሸነፈ ሁለት ነጥብ ነበር የሚያገኘው፤ አቻ የወጣ አንድ። ኢትዮጵያ በመክፈቻው ኡጋንዳን 2 ለ 0 አሸነፈች። በሁለተኛው ጨዋታ በጊኒ 2 ለ 1 ተሸነፈች። ሦስተኛው ከግብጽ ጋር ነው። ግብጽ ከጊኒ 1 ለ 1 ተለያይታ፣ ኡጋንዳን 2 ለ 1 አሸንፋ ሦስት ነጥብ ይዛለች። ኢትዮጵያ ሁለት። ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ኢትዮጵያ ካሸነፈች አራት ነጥብ ትይዛለች፣ ግብጽ ሦስት ላይ ትቀራለች፣ ኢትዮጵያ ታልፋለች። አቻ ከሆኑ ግብጽ ታልፋለች። የግብ ልዩነት፣ የእርስ በእርስ ውጤት፣ ምንም አያስፈልግም። አንድ ጨዋታ፣ አንድ ማሸነፍ። 1 ለ 1 አለቀ።

አሁን የሁለቱን መስመር ጎን ለጎን እዩት። ግብጽ ሦስት ጨዋታ፣ አራት ግብ አገባች፣ ሦስት ገባባት። ኢትዮጵያ ሦስት ጨዋታ፣ አራት ግብ አገባች፣ ሦስት ገባባት። እርስ በእርስ አቻ ናቸው። በግብ ቆጠራ ብቻ ብታዩዋቸው መንትዮች ናቸው። የሚለያቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግቦቹ በየትኛው ቀን እንደገቡ። ኢትዮጵያ ኡጋንዳ ላይ ሁለተኛ ግብ አስቆጥራለች፣ ያ ግብ ግን ነጥብ አልጨመረላትም፤ በአንዱም ያሸንፉ ነበር። ጊኒ ላይ አንድ ግብ ጎደላት፣ ያ አንድ ነጥብ አስከፈላት። ሰንጠረዥ እንዲህ ነው፤ ስንት ግብ አገባህ ብቻ አይልም፣ ግቡን የት አጠፋኸው ይላል። አስተናጋጇ አገር ሦስተኛ ሆና በገዛ ስታዲየሟ የሌሎችን ጨዋታ ተመልካች ሆነች።

ከድሬዳዋ ሞሮኮ በአምስት ነጥብ፣ ናይጄሪያ በአራት አለፉ። አራቱ ተሟሉ።

አንደኛው ዙር፦ ሞሮኮ ግብጽን 2 ለ 1 አሸነፈች፣ ጊኒና ናይጄሪያ 1 ለ 1 ተለያዩ። ሁለተኛው ዙር፦ ሞሮኮ ናይጄሪያን 2 ለ 1፣ ጊኒ ግብጽን 4 ለ 2። ከዚህ በኋላ ሰንጠረዡ ሞሮኮ 4፣ ጊኒ 3፣ ናይጄሪያ 1፣ ግብጽ 0 ይላል። የቀረው አንድ ዙር ነው፤ እሱም ሞሮኮ ከጊኒ። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ይኼ ነው። ማንም ፍጻሜ ብሎ አልጻፈውም፣ ግን ፍጻሜ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ከተለመደው ፍጻሜ በአንድ ነገር ይለያል፦ ሁለቱ ቡድኖች እኩል ሆነው ሜዳ አልገቡም። ሞሮኮ አቻ ይበቃታል። ጊኒ ማሸነፍ አለባት። ተጨማሪ ሰዓት የለም፣ ፍጹም ቅጣት ምት የለም።

እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት በዓለም ዋንጫም ደርሷል። በ1950 ብራዚል ላይ የዓለም ዋንጫው ያለ ፍጻሜ በአራት ቡድን ምድብ ነበር የተጠናቀቀው። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ብራዚል 4፣ ኡራጓይ 3። ልክ እንደ ሞሮኮና ጊኒ! ብራዚል አቻ ይበቃት ነበር፤ በማራካና መጀመሪያ አገባች፣ ከዚያ 2 ለ 1 ተሸነፈች። ብራዚላውያን እስከ ዛሬ ያለቅሱበታል። አፍሪካ ራሷም በ1959 ካይሮ ላይ ዋንጫውን በሊግ መልክ አድርጋዋለች፤ ያኔ የነበሩት ግብጽ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ ብቻ ናቸው፣ ሦስት ጨዋታ ተካሂዶ ግብጽ ሁለቱንም አሸንፋ ወሰደች። የኛዎቹ ያለ ነጥብ ተመለሱ። እሱን እንለፈው።

እሑድ፣ መጋቢት 5 ቀን 1968፣ በፈረንጅ ማርች 14 ቀን 1976። በ33ኛው ደቂቃ ሸሪፍ ሱሌይማን ለጊኒ አገባ። በዚያች ደቂቃ ሰንጠረዡ ተገለበጠ፦ ጊኒ 5፣ ሞሮኮ 4። ከዕረፍት በኋላም እንደዚያው። ሰባ ደቂቃ፣ ሰማንያ ደቂቃ፣ ዋንጫው የጊኒ ነው። በ86ኛው ደቂቃ ባባ እያሉ የሚጠሩት የሞሮኮው አህመድ መክሩህ አስቆጠረ። 1 ለ 1። ሰንጠረዡ ተመልሶ ተገለበጠ፦ ሞሮኮ 5፣ ጊኒ 4። ፊሽካው ተነፋ። የሞሮኮ አምበል አህመድ ፈራስ ዋንጫውን አነሳ። ጊኒ አንድም ጨዋታ ሳትሸነፍ፣ በምድቡም በመጨረሻውም ዙር ሳትሸነፍ፣ ሁለተኛ ሆና ወደ ኮናክሪ ተመለሰች። እስካሁንም የአፍሪካን ዋንጫ አንስታ አታውቅም። አራት ደቂቃ ነበር የቀራት።

የመጨረሻው ሰንጠረዥ ይኸው፤ የምታዳምጡት በድረ ገጻችን ላይ ታገኙታላችሁ፦

| ቡድን | አሸነፈ | አቻ | ተሸነፈ | ያገባው | የገባበት | ነጥብ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሞሮኮ | 2 | 1 | 0 | 5 | 3 | 5 |
| ጊኒ | 1 | 2 | 0 | 6 | 4 | 4 |
| ናይጄሪያ | 1 | 1 | 1 | 5 | 5 | 3 |
| ግብጽ | 0 | 0 | 3 | 5 | 9 | 0 |

ናይጄሪያ ሦስተኛ የሆነችው በመጨረሻው ዙር ግብጽን 3 ለ 2 አሸንፋ ነው። ሰንጠረዥ ስትሠሩ ትክክል መሆኑን የምታውቁበት መንገድ አለ። ያገባውን ሁሉ ደምሩ፣ 21 ነው። የገባበትን ሁሉ ደምሩ፣ እሱም 21 መሆን አለበት፤ አንዱ ያገባው ሌላው ላይ ነው የገባው። ሁለቱ ድምር ካልገጠመ አንድ ውጤት በስህተት ተጽፏል ማለት ነው። በዚያ ዘመን ሥርዓት ነጥቡም እንዲሁ ይፈተናል፦ ስድስት ጨዋታ፣ እያንዳንዱ ሁለት ነጥብ ያከፋፍላል፣ ድምሩ 12። ዛሬ በሦስት ነጥብ ሥርዓት ይህ አይሠራም፤ አቻ የወጣ ጨዋታ ሁለት፣ ያልወጣው ሦስት ያከፋፍላልና።

አሁን የሞሮኮንና የጊኒን ሁለት መስመሮች ደግማችሁ እዩ። ሞሮኮ 5 አገባ 3 ገባበት፣ ልዩነት 2። ጊኒ 6 አገባ 4 ገባበት፣ ልዩነት 2። እኩል ናቸው። በነጥብ ባይለያዩ ኖሮ ማን ይቀድም ነበር? መልሱ በየትኛው ደንብ ብላችሁ ስትጠይቁ ነው የሚመጣው። በግብ ልዩነት እኩል። ብዙ ያገባ ይቅደም ካልን ጊኒ። በድሮው ደንብ ግን፣ እንግሊዞች እስከ 1976 ድረስ በተጠቀሙበት፣ ያገባውን በገባበት ማካፈል ነበር። አምስት ለሦስት ሲካፈል 1.67 ገደማ፣ ስድስት ለአራት 1.5። ሞሮኮ ይቀድማል። ያው ግቦች፣ ሌላ ደንብ፣ ሌላ አሸናፊ። ማካፈሉ ጥቂት የሚገባበትን ቡድን ይክሳል፤ መቀነሱ ክፍት የሚጫወተውንም አይቀጣም። የኢትዮጵያ ስፖርት ጋዜጠኞች ዛሬም መቀነሱን «የግብ ክፍያ» ይሉታል፤ ስሙ ከማካፈሉ ዘመን የቀረ ይመስለኛል። እናንተ በዕብራይስጥ ሄፍረሽ ስትሉ ልዩነት ነው የምትሉት፣ ከአሁኑ ሒሳብ ጋር እሱ ይገጥማል።

ይህ ግን በነጥብ ስለተለያዩ ባዶ ጨዋታ ነው ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ እንቀይር። ጊኒ ግብጽን 4 ለ 2 ከማሸነፍ ይልቅ 2 ለ 2 ተለያይታለች እንበል። ከዚያ በመጨረሻው ቀን ሞሮኮን 1 ለ 0 አሸነፈች እንበል፤ ያ የሸሪፍ ሱሌይማን ግብ ፀንቶ ቀረ። ወረቀት ካላችሁ አብራችሁኝ ሥሩ።

ሞሮኮ፦ 2 ለ 1፣ 2 ለ 1፣ 0 ለ 1። አራት ነጥብ፣ 4 አገባ፣ 3 ገባበት። ጊኒ፦ 1 ለ 1፣ 2 ለ 2፣ 1 ለ 0። አራት ነጥብ፣ 4 አገባ፣ 3 ገባበት። በነጥብ እኩል። በግብ ልዩነት እኩል። ባገቡት ብዛት እኩል። ቢካፈልም እኩል። ዋንጫው መሀል ሜዳ ላይ ቆሟል፤ ሰንጠረዡ ዝም ብሏል።

የእርስ በእርስ ውጤት የሚል ደንብ ካለ ጊኒ ሻምፒዮን ናት፤ ሞሮኮን አሸንፋለችና። ብዙ ያሸነፈ ይቅደም የሚል ደንብ ካለ ሞሮኮ ሻምፒዮን ናት፤ ሁለት ጊዜ አሸንፋለች፣ ጊኒ አንድ ጊዜ። ሁለቱም ፍትሐዊ ይመስላሉ፣ ሁለቱም ተቃራኒ መልስ ይሰጣሉ። እኔን ብትጠይቁኝ በትንሽ ምድብ፣ ሦስት ጨዋታ ብቻ ባለበት፣ የእርስ በእርስ ውጤት ይሻላል እላለሁ፤ አንድ ደካማ ቡድን ላይ ስድስት ግብ ማግባት ዋንጫ መስጠት የለበትም። በረጅም ሊግ ግን የግብ ልዩነት ይሻላል፤ የዓመቱን ሥራ ሁሉ ይቆጥራልና። ዓለም በዚህ አልተስማማም። ስፔን የእርስ በእርሱን ታስቀድማለች፤ በ2007 ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና እኩል 76 ነጥብ ይዘው፣ ባርሴሎና በግብ ልዩነት በብዙ እየበለጠ፣ ዋንጫው ወደ ማድሪድ ሄደ። እንግሊዝ የግብ ልዩነትን ታስቀድማለች፤ በ2012 ሁለቱ ማንቸስተሮች እኩል 89 ነጥብ ይዘው ሲቲ በ64 ለ 56 የግብ ልዩነት ወሰደ። የአጉዌሮን ግብ አይታችኋል፤ ያ ግብ ሁለት ነጥብ ባይጨምር የግብ ልዩነቱ ምንም አያደርግለትም ነበር።

ሦስተኛ መልስም አለ፤ ደንቡን ሳይሆን ነጥቡን መቀየር። በምናባችን ባደረግነው ሰንጠረዥ ማሸነፍ ሦስት ነጥብ ቢሆን ሞሮኮ 6፣ ጊኒ 5 ይሆኑ ነበር። እኩልነቱ ራሱ ይጠፋል። ሦስት ነጥብ በሊግ ደረጃ የጀመረችው እንግሊዝ ናት፣ በ1981። ቀጥላ የመጣችው ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ? እስራኤል፣ በ1982 በጀመረው ዘመን። ጣሊያንም ስፔንም ብዙ ቆይተው ነው የመጡት፤ የዓለም ዋንጫም በ1994። ምክንያቱ ቀላል ነበር፦ ቡድኖች ቴኮ እየያዙ፣ አንድ አንድ ነጥብ ተካፍለው ወደ ቤት ይሄዱ ነበር። በሁለት ነጥብ ሥርዓት ሁለት አቻ እንደ አንድ ማሸነፍና አንድ መሸነፍ ነው። በሦስት ነጥብ ግን ሁለት አቻ ሁለት፣ አንድ ማሸነፍና አንድ መሸነፍ ሦስት። አደጋ መውሰድ ያዋጣል።

በእውነተኛው የ1976 ሰንጠረዥ ግን ሦስት ነጥብ ምንም አይቀይርም። ሞሮኮ 7፣ ጊኒ 5። ኢትዮጵያም ከግብጽ 4 ለ 5 ትቀር ነበር። ሞክሬዋለሁ፣ አልተሳካም።

ስለ መጨረሻው ዙር አንድ ነገር ልጨምር፣ ለአፍሪካ ቅርብ ስለሆነ። በ1982ቱ የዓለም ዋንጫ አልጄሪያ ጨዋታዋን ጨርሳ ተቀመጠች። በማግሥቱ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ ስፔን ውስጥ ሂኾን ከተማ ላይ ሲገናኙ፣ ጀርመን በአንድ ወይም በሁለት ግብ ብቻ ካሸነፈች ሁለቱም እንደሚያልፉ ያውቃሉ። ጀርመን ገና በጅምሩ አገባች፣ ከዚያ ሁለቱም ኳሷን መሀል ሜዳ ላይ ሲቀባበሉ ዋሉ። 1 ለ 0። አልጄሪያ ጀርመንን ራሷን አሸንፋ ነበር፣ ሁለት ጨዋታም አሸንፋ ነበር፤ በግብ ልዩነት ወደቀች። ደንብ የጣሰ ማንም የለም። ጥፋቱ ያለው መርሃ ግብሩ ላይ ነው፤ አንዱ ሰንጠረዡን አይቶ እንዲጫወት ፈቅዷል። ከዚያ ወዲህ የምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት ይጀመራሉ።

ይህን ሁሉ የማወራው ለሰፈራችን ውድድርም ስለሚሆን ነው። እዚህ ሚግራሽ ላይ በበጋ ስንጫወት አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቡድን ነው የሚገኘው፣ አራትም ስድስትም አይሆንልንም። ቁጥሩ ጎዶሎ ሲሆን አንድ ስድስተኛ፣ የሌለ ቡድን ትጨምራላችሁ፤ ስሙን «አራፊ» በሉት። ከዚያ ቅድም እንዳልኩት ታዞራላችሁ። ከአራፊ ጋር የተጋጠመ ያን ቀን ያርፋል። አምስት ዙር፣ አሥር ጨዋታ፣ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ያርፋል። የሚረሳው ነገር በመጨረሻው ዙር የሚያርፈው ማን ነው የሚለው ነው። ያ ቡድን የአልጄሪያ ዕጣ ነው የደረሰው፤ ጨርሶ ተቀምጦ ሌሎቹ ምን ውጤት እንደሚበቃቸው አውቀው ሲጫወቱ ያያል። አንድ ጊዜ እዚሁ ሰፈር የመጨረሻው ቀን ላይ ሁለት ቡድን አቻ ወጥተው አብረው ሲያልፉ፣ ያረፈው ቡድን ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው የጮኹት ጩኸት አሁንም ይሰማኛል። ስለዚህ ማን በየትኛው ዙር እንደሚያርፍ በዕጣ ይሁን፤ ዕጣውም ሁሉም ባለበት ይውጣ፣ አዘጋጁ ቤቱ ተቀምጦ አያውጣው።

ሌላው ደንቡ ነው፤ ታካኖን የምትሉት። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት በአንድ ገጽ ይጻፍ፣ ቅደም ተከተሉም ይነገር፦ ነጥብ፣ ቀጥሎ የእርስ በእርስ ውጤት፣ ቀጥሎ የግብ ልዩነት፣ ቀጥሎ ያገቡት ብዛት፣ በመጨረሻ ፍጹም ቅጣት ምት። ሦስት ቡድን እኩል ሲሆንስ? ያኔ የሦስቱን እርስ በእርስ ጨዋታዎች ብቻ አውጥታችሁ ትንሽ ሰንጠረዥ ትሠራላችሁ። ሀ ለን፣ ለ ሐን፣ ሐ ሀን አሸንፈው ክብ ከሠሩ ትንሿ ሰንጠረዥም በነጥብ አትለያቸውም፤ ወደ ግብ ልዩነት ትወርዳላችሁ። ይህ በአምስት ቡድን ውድድር ከምታስቡት በላይ ይመጣል። ደንቡ ከጨዋታ በኋላ ከተጻፈ ግን ማን እንደጻፈው እንጂ ምን እንደሚል ማንም አያይም።

ካፍ ከ1976 በኋላ ያንን ዓይነት ውድድር አልደገመውም። በ1978 ጋና ላይ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ ተመለሱ። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፦ በአዲስ አበባ የመጨረሻው ቀን የደመቀው ዕጣው ሞሮኮንና ጊኒን በሦስተኛው ዙር ስላገናኛቸው ነው። ቡድኖቹ ክቡ ላይ በሌላ ቦታ ቢቀመጡ ኖሮ፣ ሁለቱ በመጀመሪያው ቀን 1 ለ 1 ተለያይተው፣ የባባ ግብ ከብዙዎቹ የመጀመሪያ ዙር ግቦች አንዷ ሆና፣ ዋንጫው የሚወሰነው ሞሮኮ ከግብጽ ወይም ከናይጄሪያ በምታደርገው ጨዋታ ነበር። እኔ በበኩሌ ያን እሑድ አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ በ86ኛው ደቂቃ ሰንጠረዡ በጭንቅላቴ ሲገለበጥ ማየት እመርጥ ነበር።

በሚቀጥለው ክፍል ወደ ድሬዳዋ እንሄዳለን፤ የዋንጫው ባለቤት ዛየር ከምድቡ መጨረሻ ሆና እንዴት እንደወደቀች አወራችኋለሁ። አያት ወይም አጎት ካላችሁ ያንን ዋንጫ የሚያስታውስ፣ ጠይቁልኝና ድምፁን ላኩልኝ። ከሮቫ ቴት ቫቭ፣ ሻቡዓ ቶቭ።